አከራካሪ ኢንቮይስና የዓመት መዝጊያ ማስተካከያ፦ ለኦዲተር የሚቀርበው ማስታወሻ ምን መያዝ አለበት?

ኦዲተር የዓመቱን የጆርናል ምዝገባዎች ሲያጣራ ቀድሞ ለይቶ የሚያወጣቸው መልካቸው የታወቀ ነው። ሒሳቡ ሊዘጋ ሲል ወይም ከተዘጋ በኋላ የገቡ፣ በእጅ የተመዘገቡ፣ መጠናቸው የገዘፈና የሽያጭ ገቢን የሚነኩ ናቸው። ዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ 240 በሒሳብ ዘመኑ መጨረሻ የተደረጉ ምዝገባዎችን መርጦ እንዲፈትሽ ኦዲተሩን ያስገድደዋል። ደንበኛ «አልቀበልም» ባለው ኢንቮይስ ላይ የሚደረግ ትልቅ ማስተካከያ እነዚህን ምልክቶች ሁሉ አንድ ላይ ስለሚይዝ ሳይጠየቅ አያልፍም። ስለዚህ ማስታወሻው ጥያቄው ሳይመጣ፣ ማስረጃው ትኩስ ሳለ መጻፍ አለበት።

ማስታወሻውን የሚያቆመውም የሚጥለውም አንድ ጥያቄ ነው፤ ደንበኛው የማይከፍለው ገንዘብ ስላጣ ነው ወይስ ዕዳው ይህን ያህል አይደለም ብሎ? የመጀመሪያው ከሆነ ጉዳዩ የመሰብሰብ ሥጋት ነው፤ በአይኤፍአርኤስ 9 መሠረት ለተሰብሳቢ ሒሳቡ መጠባበቂያ ይያዝለታል፣ ኪሳራውም በወጪ ይመዘገባል። ሁለተኛው ከሆነ ግን የዋጋ ጉዳይ ነው፤ በአይኤፍአርኤስ 15 መሠረት የሽያጭ ገቢው ራሱ ይቀነሳል። በተግባር ብዙ የሒሳብ ክፍሎች ሁለቱን ቀላቅለው «አጠራጣሪ ተሰብሳቢ» በሚለው ሒሳብ ውስጥ ይከቱታል። ትርፉ ላይ የሚታየው ልዩነት አንዳንዴ ትንሽ ስለሚሆን ስህተቱ ሳይታይ ይቆያል።

በቁጥር እንየው። አንድ ኩባንያ ለደንበኛው 40 የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች አቅርቦ ገጠመ። የአንዱ ዋጋ 300,000 ስለሆነ ኢንቮይሱ 12,000,000 ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ታክስ ያልተጨመረባቸው ናቸው። ኢንቮይሱ የወጣው የሒሳብ ዓመቱ ሊያበቃ 155 ቀን ሲቀረው ነው፤ የክፍያ ጊዜው 60 ቀን ስለነበር በዓመቱ መጨረሻ ቀነ ገደቡ ካለፈ 95 ቀን ሆኖታል። ደንበኛው አንድም ሳንቲም አልከፈለም፤ ዓመቱ ከማለቁ በፊት በጻፈው ደብዳቤ ሁለት ቅሬታ አቅርቧል። አንደኛው፣ 10 መሣሪያዎች በውሉ የተጻፈውን የማቀዝቀዝ አቅም ስለማይሰጡ በግማሽ ዋጋ ካልሆነ አልቀበላቸውም የሚል ነው፤ ይህ 1,500,000 ይሆናል። ሁለተኛው፣ ርክክቡ 8 ሳምንት ስለዘገየ በውሉ መሠረት በሳምንት 1 በመቶ ቅጣት ይታሰብልኝ የሚል ነው፤ ይህም 960,000 ነው። ጠቅላላ ጥያቄው 2,460,000 ደረሰ።

የሒሳብ ክፍሉ በመጀመሪያው ረቂቅ ምን አደረገ? ኢንቮይሱ ከ90 ቀን በላይ ስላለፈው በዕድሜ ሠንጠረዡ መሠረት 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዘ። 12,000,000 በ15 በመቶ ሲባዛ 1,800,000 ነው። ሠንጠረዡ የተሠራው ግን መክፈል ላቃታቸው ደንበኞች ነው። ይህ ደንበኛ በዚያው ወቅት ሌሎች ኢንቮይሶችን በጊዜው እየከፈለ ነበር። የዘገየው በዚህ አንድ ኢንቮይስ ላይ ብቻ፣ ያውም በጽሑፍ ባስታወቀው ምክንያት ነው። እዚህ ላይ የቀኑ ብዛት ስለ ደንበኛው አቅም ምንም አይናገርም።

አይኤፍአርኤስ 9 ክፍያ 90 ቀን ካለፈው ደንበኛው ግዴታውን እንዳልተወጣ ይገመታል ይላል፤ ይህ ግምት ግን በምክንያታዊና በሚደገፍ መረጃ ሊስተባበል ይችላል። ማስታወሻው ይህን ማስተባበያ በግልጽ መጻፍ አለበት። «ደንበኛው ጥሩ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። በአለመግባባቱ ወራት ደንበኛው የከፈላቸው ሌሎች ኢንቮይሶች ዝርዝር፣ የመክፈያ ቀነ ገደባቸውና ገንዘቡ ባንክ የገባበት ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ከማስታወሻው ጋር ይያያዙ።

ቀጥሎ የገቢ ቅናሹ ይሰላል፤ ትልቁ የግምት ሥራም ያለው እዚህ ነው። የዘገየ ርክክብ ቅጣትና የዋጋ ቅናሽ በአይኤፍአርኤስ 15 «ተለዋዋጭ ዋጋ» ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ኩባንያው በገቢ ሊመዘግብ የሚችለው፣ ወደፊት ጉዳዩ ሲቋጭ ጉልህ የሆነ መጠን ተመልሶ እንደማይቀነስ እጅግ የሚያሳምን ሁኔታ ያለበትን ያህል ብቻ ነው። ይህ መለኪያ ከፍ ያለ ነው። «ብንከራከር እናሸንፋለን ብለን እናስባለን» የሚለው አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅሬታ በማስረጃው ጥንካሬ ተለይቶ ይታያል።

ከ10ሩ መሣሪያዎች 7ቱ በሁለቱም ወገን ባለሙያዎች ፊት ተለክተው ከውሉ በታች መሆናቸው ተፈርሟል። በግማሽ ዋጋ ሲታሰቡ ቅናሹ 1,050,000 ነው፤ ክርክር የለበትም። ቀሪዎቹ 3 በኩባንያው መሐንዲሶች ልኬት ውሉ በፈቀደው የልዩነት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ይሁንና ደንበኛው ልኬቱ ሲካሄድ አልነበረም፣ ውጤቱንም አልፈረመም። መሐንዲሶቹ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በአንድ ወገን ልኬት ላይ ብቻ ቆሞ «እጅግ አሳማኝ» ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ የነዚህም 450,000 ከገቢ ይቀነሳል።

በመዘግየቱ በኩል ከ8ቱ ሳምንታት 3ቱ የኩባንያው ጥፋት ናቸው፤ ዕቃው ዘግይቶ መድረሱን የማጓጓዣ ሰነዱ ያሳያል። ቅጣቱ 360,000 ነው። የቀሩት 5 ሳምንታት ግን የመትከያ ቦታው ባለመዘጋጀቱ የጠፉ ናቸው። ይህን የሚያሳየው የደንበኛው ተወካይ ራሱ የፈረመበት የቦታ ርክክብ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ውሉም በደንበኛው ምክንያት የባከነ ጊዜ በቅጣት እንደማይቆጠር በግልጽ ይናገራል። የውሉ አንቀጽና የደንበኛው ፊርማ አንድ ላይ ስላሉ ይህ 600,000 ከገቢ አይቀነስም። እንግዲህ ጠቅላላ ቅናሹ 1,050,000፣ 450,000 እና 360,000 ተደምረው 1,860,000 ይሆናል።

ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ተሰብሳቢ 10,140,000 ነው። ኩባንያው በጊዜው ለሚከፍሉ ተመሳሳይ ደንበኞች የሚጠቀምበት የኪሳራ መጠን 2 በመቶ ከሆነ፣ የሚያዘው መጠባበቂያ 202,800 ነው። በረቂቁ ከተያዘው 1,800,000 ውስጥ 1,597,200 ይመለሳል ማለት ነው። ምዝገባው እንዲህ ይሆናል፦

ዴቢት፦ የሽያጭ ገቢ 1,860,000
ክሬዲት፦ ላልወጣ ክሬዲት ኖት የተያዘ ቅናሽ (ከተሰብሳቢ ሒሳብ ላይ የሚቀነስ) 1,860,000

ዴቢት፦ የተሰብሳቢ ሒሳብ መጠባበቂያ 1,597,200
ክሬዲት፦ የተሰብሳቢ ሒሳብ ኪሳራ ወጪ 1,597,200

በትርፉ ላይ ያለው የተጣራ ለውጥ 262,800 ቅናሽ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማስታወሻውን «ውጤቱ 262,800 ነው» ብሎ መጀመር ትልቅ ስህተት ነው። ኦዲተሩ የሚያየው ሁለት ትላልቅ ቁጥሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ነው፤ የተጣራውን ብቻ ካቀረቡለት የቀረው የተደበቀ ይመስለዋል። ሁለቱም ለየብቻ ይጻፉ፤ እያንዳንዱም ምክንያቱ ይሰጠው። ረቂቁ ሳይታረም ቢቀር ገቢው በ1,860,000 ገዝፎ ይታይ ነበር። የኪሳራ ወጪውም ያለ አግባብ ያብጣል፤ የዘንድሮው የኪሳራ ታሪክ በሚቀጥለው ዓመት ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያልነበረ የመሰብሰብ ችግር እንደነበረ አድርጎ የሁሉንም ደንበኞች መጠን ያዛባል።

የማስታወሻው የመጀመሪያ አንቀጽ ታሪኩን ሳይሆን ምዝገባውን ቢይዝ ይመረጣል። ለምሳሌ፦ «ይህ ማስታወሻ የሚያብራራው በጆርናል ቫውቸር ቁጥር እገሌ የተመዘገበውን ማስተካከያ ነው። የሽያጭ ገቢን በ1,860,000 ይቀንሳል፣ የተሰብሳቢ ሒሳብ ኪሳራ ወጪን በ1,597,200 ይቀንሳል። ያዘጋጀው የተሰብሳቢ ሒሳብ ኃላፊ ነው፤ ያጸደቀው የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ ነው። የተመዘገበው ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ በዚህ ቀን ነው፤ መሠረቱ ግን ዓመቱ ከማለቁ በፊት የነበሩ ሰነዶች ናቸው።» ኦዲተሩ ቀድሞ የሚፈልጋቸው፣ ማን አዘጋጀ፣ ማን አጸደቀ፣ መቼ ገባ የሚሉት ሁሉ በአንድ ቦታ ተመለሱ ማለት ነው። ያዘጋጀውና ያጸደቀው አንድ ሰው ከሆነ ማስታወሻው የቱንም ያህል ቢያምር ችግሩን አይሸፍነውም።

ቀኖች ራሳቸውን የቻሉ ጉዳይ ናቸው። እያንዳንዱ ሰነድ ሦስት ቀን ሊኖረው ይችላል፤ ነገሩ የሆነበት፣ ሰነዱ የተጻፈበትና ኩባንያው ያወቀበት። የቅሬታ ደብዳቤው ዓመቱ ሳያልቅ ለሽያጭ ክፍል ደርሶ የሒሳብ ክፍል ግን በመዝጊያው ወቅት ብቻ ያየው ከሆነ፣ ሁለቱም ቀኖች ይጻፉ። ይህ የውስጥ ቁጥጥር ክፍተት መሆኑ ኦዲተሩ ያለ እናንተ እርዳታ የሚደርስበት ነገር ነው። ክፍተቱን ራሱ ማስታወሻው ሲናገርና ከዚህ በኋላ ቅሬታዎች ለሒሳብ ክፍል የሚደርሱበትን መንገድ ሲያሳይ፣ ኦዲተሩ የተቀረውንም የሚያነብበት ዓይን ይለወጣል።

ከዓመቱ ማለቅ በኋላ የመጣ መረጃ በአይኤኤስ 10 ይዳኛል። መለያው ቀላል ነው፤ አዲሱ መረጃ የሚናገረው በዓመቱ መጨረሻ ስለነበረ ሁኔታ ከሆነ ቁጥሩ ይስተካከላል፤ በኋላ ስለተፈጠረ ሁኔታ ከሆነ ግን ጉልህ ሲሆን በማብራሪያ ይገለጻል እንጂ ቁጥሩን አይነካም። ስለ ጉድለቱ የተደረገ ስምምነት የሒሳብ መግለጫው ከመጽደቁ በፊት ቢፈረም፣ ጉድለቱ ቀድሞ ስለነበረ የስምምነቱ ቁጥር ግምቱን ይተካዋል። በአንጻሩ የደንበኛው መጋዘን ዓመቱ ካለፈ በኋላ ተቃጥሎ የመክፈል አቅሙ ቢዳከም፣ ያ የአዲሱ ዓመት ክስተት ነው።

በያዝነው ጉዳይ ዓመቱ ካለቀ ከአምስት ሳምንት በኋላ ደንበኛው 9,540,000 ከፈለ እንበል። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ 12,000,000 ሲቀነስ የጠየቀው 2,460,000 ነው። ያልተከራከረበትን በሙሉ ከፍሏል ማለት ነው። ክፍያው ብዙ ነገር ያረጋግጣል። ችግሩ የአቅም አለመሆኑ ታየ፤ 15 በመቶውን የማስተባበያው ክርክርም ጠነከረ። በተጨማሪም በመዝገብ ከቀረው 10,140,000 ላይ ክፍያው ሲቀነስ የሚተርፈው 600,000 ነው፤ እርሱም በቃለ ጉባኤው የተደገፈው የ5 ሳምንቱ ቅጣት ብቻ ነው። ኦዲተሩ ከ12 ሚሊዮን ጋር መታገሉን ትቶ ትኩረቱን በአንድ ቃለ ጉባኤና በአንድ የውል አንቀጽ ላይ ያደርጋል። ማስታወሻው ይህን ስሌት በግልጽ ሊያሳየው ይገባል፤ ኦዲተሩ ለደንበኛው በላከው የሒሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ ላይ 9,540,000 የሚል መልስ ቢያገኝም ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል።

ክፍያው ስለመጣ ብቻ 202,800ውን ወደ ዜሮ ለማውረድ መቸኮል ግን አይገባም። መጠባበቂያው የሚለካው በዓመቱ መጨረሻ ቀን በነበረው ሥጋት ነው። ክፍያው 2 በመቶው ተገቢ መሆኑን ይደግፋል፤ በዚያ ቀን ሥጋት አልነበረም አያሰኝም።

የማይመች ማስረጃም ከማስታወሻው ጋር መያያዝ አለበት። የሽያጭ ሥራ አስኪያጁ ለደንበኛው «ሁሉንም እንቀበላለን፣ ግንኙነታችን ይበልጣል» የሚል ኢሜይል ልኮ ከሆነ፣ 600,000ውን የሚያቆመው ክርክር በእጅጉ ይናጋል። አይኤፍአርኤስ 15 የሚመለከተው የውሉን ቃል ብቻ አይደለም፤ የሻጩ አሠራርና የሰጠው መግለጫ ደንበኛው ቅናሽ እንዲጠብቅ ካደረገው ያም ዋጋውን ይነካል። እንዲህ ያለ ኢሜይል ካለ ሥራ አስኪያጁ የመስማማት ሥልጣን ነበረው ወይ የሚለው ተመርምሮ ይጻፋል። ሥልጣን ከነበረው 600,000ውም መቀነስ አለበት፤ ቅናሹ 2,460,000 ይሆናል። ከዚህ በፊት በተመሳሳይ ክርክር ለሌሎች ደንበኞች ምን ያህል እንደተለቀቀም መታየት አለበት፤ ኩባንያው በልማዱ ሁሌ ለጥያቄው እጅ የሚሰጥ ከሆነ የውሉ አንቀጽ ብቻውን አያድነውም።

ከዚህ ቀጥሎ ኦዲተሩ የሚያነሳውን ጥያቄ ብዙዎች አይጠብቁትም፤ «ይህ ጉድለት በሌሎች ደንበኞችም ዘንድ አለ?» 7 መሣሪያዎች ከውሉ በታች ከሆኑ፣ በዚያው ጊዜ የተመረቱት ሌሎቹ የት ሄዱ? ለሌላ ደንበኛ ተሽጠው ከሆነ ለእነርሱም የገቢ ቅናሽ ወይም በአይኤኤስ 37 መሠረት የዋስትና ግዴታ መጠባበቂያ ሊያስፈልግ ይችላል። በመጋዘን ያሉም ከሆኑ የሚሸጡበት ዋጋ ከወጪያቸው በታች ወርዶ እንደሆነ ይታያል። የተከታታይ ቁጥራቸውን ከሽያጭና ከመጋዘን መዝገብ ጋር አመሳክሮ ውጤቱን በአንድ አንቀጽ መጻፍ በቂ ነው። ይህ ፍተሻ የጎደለው ማስታወሻ ስለ አንዱ ኢንቮይስ ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ ስለ ሒሳብ መግለጫው ግን ጎዶሎ ይሆናል።

ኢንቮይሱ ያለፈው ዓመት ቢሆንስ? ያኔ ጥያቄው ግምት ነበር ወይስ ስህተት የሚል ይሆናል። ያለፈው ዓመት መግለጫ ሲጸድቅ ቅሬታው ካልነበረና ሊታወቅም ካልቻለ፣ ለውጡ የዘንድሮ ገቢ ቅናሽ ነው። ደብዳቤው ያኔ በእጅ ሳለ ችላ ተብሎ ከነበረ ግን በአይኤኤስ 8 መሠረት የቀድሞ ዘመን ስህተት ነው፤ ጉልህ ከሆነም ያለፈው ዓመት ቁጥር ታርሞ ይቀርባል። ይህን ልዩነት የሚወስነው ደብዳቤው ላይ ያለው የመዝገብ ቤት ማህተም ቀን ነው፤ የሥራ አመራሩ ፍላጎት ቦታ የለውም።

ስለ ታክስ አጭር ቃል ይበቃል። የገቢው ቅናሽ በሒሳብ መዝገብ ሲገባ ተጨማሪ እሴት ታክሱ አብሮ በራሱ አይቀነስም፤ በአብዛኛው የሚስተካከለው ክሬዲት ኖቱ በሕጉ በታዘዘው ቅርጽ ሲወጣ ነው። ክሬዲት ኖት ገና አልወጣም ከሆነ ማስታወሻው ይህን ይግለጽ። የትርፍ ግብር ሕጉ ቅናሹን የሚቀበለው በሌላ ዓመት ከሆነ ደግሞ የተላለፈ ግብር መመዝገቡ ይረጋገጥ።

በአባሪነት የሚቀርቡት ሰነዶች ብዙ መሆን የለባቸውም፤ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ወደ አንድ ሰነድ መመለስ አለበት። 1,050,000 ወደ ተፈረመው የልኬት ሪፖርት፣ 450,000 ወደ ያልተፈረመው፣ 360,000 ወደ ማጓጓዣ ሰነዱ፣ 600,000 ወደ ቃለ ጉባኤውና ወደ ውሉ አንቀጽ፣ 9,540,000 ወደ ባንክ መግለጫው። ኢሜይል ሲያያዝ ሙሉ ምልልሱ ይሁን፤ ከመካከል የተቆረጠ አንድ መልእክት ጥርጣሬ ብቻ ይጨምራል። የሕግ አማካሪ አስተያየት ካለም «እናሸንፋለን» የሚለው መደምደሚያ ብቻውን አይጠቅምም፤ አማካሪው የትኞቹን ሰነዶች አይቶ እንደጻፈ መታወቅ አለበት። ቃለ ጉባኤውን ሳያይ የተጻፈ አስተያየት ለ600,000ው ድጋፍ አይሆንም።

ኦዲተሩ ግምቱን ላይቀበል ይችላል። የኦዲት ስታንዳርድ 540 የሥራ አመራሩን ስሌት ከመፈተሽ ባሻገር የራሱን ግምት ወይም የግምት ክልል እንዲያወጣ ይፈቅድለታል። በዚህ ጉዳይ ክልሉ ከ1,410,000 እስከ 2,460,000 ነው፤ ታችኛው 3ቱ መሣሪያዎች ደህና ናቸው ከተባለ፣ ላይኛው ደንበኛው በሁሉም ካሸነፈ። ማስታወሻው ይህን ክልል ራሱ አስልቶ 1,860,000 በየትኛው ማስረጃ እንደተመረጠ ካሳየ፣ ውይይቱ ስለ 3 መሣሪያዎችና ስለ 5 ሳምንታት ይሆናል። 3ቱን መሣሪያዎች በጋራ ዳግም መለካት የሚቻል ከሆነ ደግሞ መግለጫው ከመጽደቁ በፊት ይደረግ፤ የአንድ ቀን ልኬት 450,000ውን ወደ አንዱ ወገን በማያሻማ መልኩ ይወስደዋል።